ሞኒታይዜሽናችን «ሪዩዝድ ኮንተንት» ተብሎ ሲታገድ ይግባኝ የጠየቅነው እንዲህ ነው

ቻናላችን የወሎን ታሪክና ባህል የሚተርክ ነው። ጽሑፉን የማዘጋጀው፣ የምተርከውና ኤዲት የማደርገው እኔ ነኝ፤ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ። ቻናሉ የተከፈተው ግን ውጭ አገር በሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ኢሜይል ነው፤ የማስታወቂያው ገቢ የሚከፈልበት የአድሴንስ አካውንትም በእሱ ስም ነው። ስለዚህ የእገዳው መልእክት የደረሰው ለእሱ ነበር። እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ውሎ፣ ኢሜይሉን ሳያየው ሰነባብቶ አንድ ማታ ደወለልኝ። «ስማ፣ ዩቲዩብ ገንዘቡን ዘግቶታል። ምን ጭነህ ነው?»

ምክንያቱ በመልእክቱ ላይ በሁለት ቃል ተጽፏል፤ Reused content። እኛ አገር ዩቲዩበሮች «ሪዩዝድ» ብለን የምንጠራው ነው። ቻናሉ አልተዘጋም፣ ቪዲዮዎቹም አሉ፣ ተመልካቹም ያያል። የቀረው ማስታወቂያውና ገቢው ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ኮፒራይትን ነበር። የቻናሉ መቆጣጠሪያ የሆነው ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብተን ስናይ ግን አንድም ስትራይክ የለብንም። የድሮ የወሎ ዘፈኖችን ሰብስበን የጫንናቸው ጥቂት ቪዲዮዎች ነበሩን፤ ለእነሱም ቢሆን ከድምፃዊው የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት አለን። ወንድሜ ወረቀቱን ስካን አድርገን እንላክላቸው አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብዬ ላስረዳ።

የሪዩዝድ ኮንተንት ደንብ ከመብት ጋር አይገናኝም። ኮፒራይት የሚጠይቀው «የማን ንብረት ነው? ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ ነው። ሪዩዝድ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ «ዩቲዩብ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ቀድሞ የነበረ ነገር ላይ አንተ ምን ጨመርክበት?» ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶልህ፣ ፈርሞልህ፣ ማንም ሳይከስህ፣ አንድም የኮፒራይት ጥያቄ ሳይመጣብህ ሞኒታይዜሽንህ ሊታገድ ይችላል። ዩቲዩብ በደንቡ ላይ ከሚጠቅሳቸው ምሳሌዎች አንዱ የተለያዩ ዘፋኞችን ዘፈኖች ሰብስቦ መጫን ሲሆን፣ ፈቃድ ቢኖርም እንኳ እንደማይሆን በግልጽ አስቀምጦታል። ከሌሎች ማኅበራዊ ገጾች ተለቅመው የተቀጣጠሉ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ ከአንድ ድራማ ተቆርጠው ያለ ምንም ትረካ የተያያዙ ትዕይንቶች፣ ሰው ፊቱን ጥግ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር የሚስቅባቸው «ሪአክሽኖች» እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

በተቃራኒው የሌላ ሰው ምስል መጠቀም በራሱ አልተከለከለም። ክሊፕ እያሳዩ መተቸት፣ የኳስ ጨዋታን እያስኬዱ ተጫዋቹ ምን እንዳደረገ መተንተን፣ የሌሎችን ምስል በራስ ታሪክና ትረካ ማያያዝ ይፈቀዳል። ልዩነቱ የራስህ ሥራ በቪዲዮው ላይ በጉልህ መታየቱ ወይም መሰማቱ ነው።

አንድ ነገር ላክል፤ መልእክታችሁ ላይ የተጻፈውን ምክንያት ፊደል በፊደል አንብቡት። Inauthentic content የሚል ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በፊት «ተደጋጋሚ ይዘት» ይባል የነበረው ደንብ ሲሆን፣ በጁላይ 2025 ስሙ ተቀይሯል። በአንድ ቅርፅ በጅምላ የሚመረቱ፣ እርስ በርሳቸው የማይለያዩ ቪዲዮዎችን የሚመለከት ነው። ለአንዱ የተዘጋጀ መልስ ለሌላው አይሆንም።

ወረቀቱን ትተን ያደረግነው ቻናላችንን እንደ እንግዳ ሰው ማየት ነበር። ገምጋሚው ሁሉንም ቪዲዮ ቁጭ ብሎ አያይም። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚገልጸው የሚታዩት የቻናሉ ዋና ጭብጥ፣ ብዙ የታዩት ቪዲዮዎች፣ አዳዲሶቹ፣ ከፍተኛውን የእይታ ሰዓት የያዙት፣ እንዲሁም ርእሱ፣ ታምኔይሉ፣ መግለጫውና ስለ ቻናሉ የተጻፈው ጽሑፍ ናቸው። ውሳኔውም በአንድ ቪዲዮ ላይ ሳይሆን በቻናሉ ላይ ነው።

ስልኬን ይዤ፣ ከአካውንቴ ወጥቼ፣ ቻናሉን በዚያ ቅደም ተከተል ከፈትኩት። ያየሁት ደስ አይልም ነበር። ብዙ ከታዩት ውስጥ ከላይ የተደረደሩት የዘፈን ስብስቦቹ ናቸው። ከቪዲዮዎቻችን ብዛት አንፃር እፍኝ አይሞሉም፤ ሰው ግን ሥራ እየሠራ ከፍቶ ስለሚተዋቸው የእይታ ሰዓቱን ጠቅልለው ይዘውታል። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት የታሪክ ትረካዎቻችን ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ድምፁን አጥፍቶ ለሚያይ ሰው የድሮ ፎቶና የድሮ ፊልም ብቻ ናቸው። እኔ አንድም ቦታ አልታይም። ድምፁን ከፍቶ ቢሰማም ገምጋሚው አማርኛ ያውቃል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ዶክመንተሪ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለ ቻናሉ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ የተጻፈው «የድሮ ዘፈኖችና ታሪኮች ስብስብ» የሚል ነበር። ስብስብ! በራሳችን ላይ የመሰከርን ያህል ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። አንደኛው ከታገዱበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ቻናሉን አስተካክሎ፣ ከእገዳው 90 ቀን በኋላ እንደ አዲስ ማመልከት ነው። ሁለቱ የሚሉት ነገር የተለያየ ነው። ይግባኝ ማለት «ቻናሌ አሁን ባለበት ሁኔታ የራሴ ሥራ ነው፣ እንዴት እንደሆነ ላሳያችሁ» ማለት ነው። ማስተካከል ማለት ደግሞ «ልክ ናችሁ፣ ቀይሬዋለሁ» ማለት ነው። ለዚህ ነው ይግባኝ ከመጠየቁ በፊት ቪዲዮ ማጥፋት የማይመከረው። የምትከራከርለትን ነገር አጥፍተህ ልትከራከር አትችልም። በዚያ ላይ የጠፋ ወይም ፕራይቬት የተደረገ ቪዲዮ ያመጣው የእይታ ሰዓት ለማመልከቻ ከሚያስፈልገው 4,000 ሰዓት ላይ ይቀነሳል።

የቱን መምረጥ እንዳለብን ያስረዳኝ የኮምቦልቻ ጓደኛዬ ጉዳይ ነበር። እሱም ከእኛ ቀደም ብሎ በዚሁ ምክንያት ታግዷል። የእሱ ቻናል ከቲክቶክ የወረዱ ቀልዶችን እየቀጣጠለ፣ ጥግ ላይ የራሱን ሳቅ የሚያሳይ ነበር። ይግባኝ ብሎ ተከልክሏል፤ ምክንያቱም የሚያሳየው ሥራ አልነበረውም። ኤዲቲንጉን ቢያሳይ መቁረጥና መቀጠል ነው። ጽሑፍ የለም፣ ትረካ የለም። ስደውልለት «አብሽር፣ ያንተ ይለያል፤ አንተ የምታሳየው አለህ» አለኝ። ልክ ነበር። ከቪዲዮዎቻችን አብዛኛው እኔ የጻፍኩትና የተረክሁት ነው። እናንተም ራሳችሁን ይህንኑ ጠይቁ፦ ካሜራ ተደቅኖባችሁ አንድ ቪዲዮ ከባዶ እንዴት እንደሠራችሁ አሳዩ ብትባሉ፣ የምታሳዩት ነገር አለ? ከሌለ 21 ቀኑን በይግባኝ አታባክኑት፤ ወደ ማስተካከሉ ሂዱ።

ቀኑ የሚቆጠረው መልእክቱን ካነበባችሁበት ጊዜ ሳይሆን ከታገዳችሁበት ጊዜ ነው። ወንድሜ ኢሜይሉን ሳያይ ያለፈው ጊዜ ከእኛ ላይ ተቀንሷል። ቻናላችሁ እንደኛ በዘመድ ስም ከሆነ ስቱዲዮውን ራሳችሁም አዘውትራችሁ የምታዩበት መንገድ ይኑራችሁ። በዚሁ ሰሞን ቴሌግራም ላይ «ሞኒታይዜሽን እናስመልሳለን» የሚሉ ሰዎችም ይመጣሉ። አንዱ ቅድሚያ ክፍያና የኢሜይሉን ፓስዎርድ ጠይቆናል። ይግባኙን የሚያየው ዩቲዩብ ብቻ ነው፤ በመሃል ገብቶ የሚያፋጥን ደላላ የለም። ፓስዎርዱን የሰጠ ሰው ቻናሉንም ያጣል።

ይግባኙ በጽሑፍ ወይም በቪዲዮ ሊቀርብ ይችላል። እኛ ቪዲዮውን መረጥን፤ የሚጠረጠረው ሥራውን ማን ሠራው የሚለው ነገር ስለሆነ በቃል ከመማል ማሳየት ይሻላል። ቪዲዮው ከአምስት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ የቻናሉ አድራሻ፣ ማለትም ዩአርኤሉ፣ መታየት አለበት። ለዚሁ ተብሎ አዲስ የተቀረፀ መሆን አለበት፤ በፊት የተጫነ ቪዲዮ አይሆንም። የሚናገረውም ስለ አንድ ቪዲዮ ሳይሆን ስለ ቻናሉ በሙሉ ነው፤ በምሳሌ ግን አስደግፎ።

የእኛን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ካሜራ ፊት ተቀመጥኩ፤ በዚያ ቻናል ላይ ፊቴ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ላፕቶፑ ላይ ቻናሉን ከፍቼ፣ አድራሻውን በጣቴ እያሳየሁ ስሜንና ድርሻዬን ተናገርኩ፤ የሚሰማው ተራኪ እኔ መሆኔን ሰው እንዲያውቅ አንድ አንቀጽ እዚያው አነበብኩ። ንግግሬን በአማርኛ አደረግሁት፤ ከሥር ግን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ራሴ አስገባሁበት።

ከዚያ አንድ ቪዲዮ መረጥን። ስለ አይጠየፍ አዳራሽና ስለ ንጉሥ ሚካኤል የሠራነው ነበር፤ ወደ 12 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። እሱን የመረጥነው ብዙ የተዋስነው ምስል ስላለበት ነው። ከፍርሃት የተነሳ ሁሉም ነገር የራሳችን የሆነበትን ንጹሕ ቪዲዮ ማሳየት ይቀላል፤ ገምጋሚው ግን የተጠራጠረው ያኛውን ነው። ደብተሬን ገልጬ የጽሑፉን የመጀመሪያ ረቂቅ አሳየሁ። ስለ ሰገሌ ጦርነት የሚለው አንቀጽ ላይ ዓመቱን ሰርዤ 1909 ዓ.ም. ብዬ ያረምኩበት፣ ዳር ላይ «ይህን ሽማግሌዎቹን ጠይቅ» ብዬ የጻፍኩበት ይታያል። እንዲህ ያለ የተዝረከረከ ገጽ ከተተየበ ወረቀት የበለጠ ያስረዳል። ቀጥዬ አዳራሹ ግቢ ውስጥ በስልኬ የቀረፅኩትን ያልተቆረጠ ምስል ከፈትኩ፤ መጀመሪያ ላይ የራሴ ጥላ መሬቱ ላይ ወድቆ፣ «ቆይ፣ እንደገና» ስል የሚሰማበትን።

ድምፅ የምቀዳበትንም አሳየሁ። ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ሲሆን ዝናቡ አያስቀዳም። ስለዚህ ብርድ ልብስ ራሴ ላይ ጥዬ፣ ማይኩን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የምተርከው። ወንድሜ ይህን እንዳስገባው ሲጨቀጭቀኝ አፍሬ ነበር፤ በኋላ ግን አስገባሁት። አንድ ሰው ሥራውን በእጁ እንደሚሠራ ከዚያ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ከዚያ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙን ከፍቼ የፕሮጀክቱን ፋይል አሳየሁ። ከላይ ምስሎቹ፣ ከሥር የእኔ የድምፅ መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተዘርግቶ ይታያል። የተዋስነው የድሮ ፊልም ቁራጭ ላይ አቆምኩና፣ ይህ 40 ሰከንድ ገደማ መሆኑን፣ የራሱ ድምፅ እንደጠፋ፣ በላዩ ላይ የምናገረውም ፊልሙ ውስጥ የሌለ ማብራሪያ መሆኑን በጣቴ እየጠቆምኩ አስረዳሁ። ከዚህ ትምህርት የምትወስዱት ካለ የፕሮጀክት ፋይላችሁን አታጥፉ። እኔ ሜሞሪ ሲሞላ የድሮዎቹን አጥፍቼ ስለነበር፣ ፋይላቸው ካሉት ውስጥ ብቻ ለመምረጥ ተገድጃለሁ።

የቀረውን አንድ ደቂቃ ያህል ለቻናሉ በሙሉ ሰጠነው። በተለያየ ጊዜ የተሠሩ ሌሎች ሁለት ቪዲዮዎችን ባጭሩ ጠቅሰን፣ አሠራሩ ያው መሆኑን አሳየን። ዘፈኖቹንም አልደበቅናቸውም። ከቻናሉ ውስጥ ጥቂት የዘፈን ስብስቦች እንዳሉ፣ እነሱ እንደ ትረካዎቹ የራሳችን ሥራ እንዳልሆኑ፣ የቻናሉ ዋና ጭብጥም ትረካው መሆኑን በግልጽ ተናገርኩ። ገምጋሚው አንድ ጊዜ ቢጫን የሚያየውን ነገር መደበቅ የቀረውንም እንዳይታመን ያደርጋል።

ያላልነውም መነገር አለበት። የፈቃድ ወረቀቱን አላነሳንም። «ሌሎች ቻናሎች ተመሳሳይ እየሠሩ አልታገዱም» አላልንም። የቤተሰብ ችግር አልነገርንም። ወንድሜ «ቤት ኪራይ የምንከፍለው በዚህ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ፈልጎ ነበር፤ እውነት ነው፣ ለተጠየቀው ጥያቄ ግን መልስ አይደለም። ከጀርባ ሙዚቃም አላስገባንም፤ በይግባኝ ቪዲዮ ላይ የሌላ ሰው ሙዚቃ ማስገባት እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

ቪዲዮውን በራሱ በታገደው ቻናል ላይ ጫንነው፤ ሁኔታው Unlisted ተደርጎ፣ ሊንኩ ያለው ብቻ እንዲያየው። መጫኑ ራሱ ፈተና ነበር፤ መብራት ሁለቴ ሄዶብን ሌሊት ነው ያለቀው። ቀነ ገደቡ መብራት አይጠብቅምና የመጨረሻው ቀን ላይ አትድረሱ። ከዚያ ወንድሜ በኮምፒውተር ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብቶ፣ በግራ በኩል Earn የሚለውን ከፈተ፤ እዚያ ላይ ይግባኝ ለመጀመር የሚያስችለውን Start appeal ተጭኖ ሊንኩን ለጠፈ። ከመላኩ በፊት ሊንኩን ለእኔ ልኮልኝ፣ ከአካውንት በወጣ ስልክ እንደሚከፈት አረጋገጥን። በስህተት Private የተባለ ቪዲዮ ለገምጋሚውም አይከፈትም።

መልስ በ14 ቀን ውስጥ በኢሜይል እንደሚመጣ ይነገራል፤ የእኛም በዚያው ውስጥ መጣ። ተቀብለውናል። በመሃል ያሉትን ቀናት ቻናሉን አልነካንም፤ ርእስ እንኳ አልቀየርንም፤ የላክነው ማስረጃ ከሚታየው ቻናል ጋር እንዲገጥም ብለን ነው።

ከተመለሰልን በኋላ ግን ዘፈኖቹን እንዳሉ አልተውናቸውም። ቻናሉ እንደገና ሊታይ ይችላል፤ ሁለተኛው ገምጋሚ ያንኑ ቪዲዮ መጀመሪያ ቢከፍት የመጀመሪያው ታሪክ ይደገማል። አንድ በአንድ ከቻናሉ ላይ እያነሳን በምትካቸው ሌላ ነገር ሠራን። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አስቀምጠን፣ ባቲ ከአምባሰል በምን እንደሚለይ በጨዋታ እያሳየ እኔ እጠይቀዋለሁ፤ ዘፈኑም በመሃል በአጭሩ ይገባል። ቪዩ ከስብስቦቹ ያንሳል፣ በጣም ያንሳል። ስለ ቻናሉ የሚለው ጽሑፍም ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚተርክና የት እንደሚቀረፅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እንዲናገር ተደርጎ ተቀየረ። በየትረካው መግቢያ ላይም ለጥቂት ሰከንድ ፊቴ ይታያል።

የኮምቦልቻው ጓደኛዬ መንገዱ ረዘመ። የቀልድ ስብስቦቹን በሙሉ አጠፋ፤ ከእነሱ ጋር የእይታ ሰዓቱም ሄደ። 90 ቀኑ ሲሞላ ሰብስክራይበሩ ከ1,000 በላይ ሆኖ፣ ባለፉት 12 ወራት የነበረው ሰዓት ግን 4,000 ስላልሞላ ማመልከት አልቻለም። አሁን ቀልዶቹን እያቆመ ስለ ቀልደኛው አሠራር እየተናገረ ይሠራል፤ ሰዓቱንም እየሞላ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከእገዳው በፊት የተጠራቀመው ገቢያችን 100 ዶላር አልፎ ስለነበር፣ እንደ ወትሮው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከወሩ 21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ተከፍሎናል። ታግደን በቆየንባቸው ቀናት ግን ማስታወቂያ ስላልነበረ የተመለሰ ነገር የለም።